አውቶ የተባለው ረዳት

የቪዲዮ ስብሰባ በእኛ ዘንድ የታወቀ የመክፈቻ ሥርዓት አለው። አንዱ «ይሰማል?» ይላል፤ ሌላው «ይሰማል፣ የኔስ?» ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ማይኩን ሳይከፍት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የአራተኛው ደግሞ ከግንባሩና ከኮርኒሱ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ አንድ ደፋር «ምስልህ ግን ልክ አይደለም» ሲል ሁሉም የሚቀበለው፣ ማንም የማይመረምረው ፍርድ ይሰጣል፦ «ኔትወርክ ነው»። ኔትወርክ ጠበቃ የማይቆምለት ተከሳሽ ነው። እኔም ልቆምለት አላሰብኩም፤ ያጠፋውን ያጥፋ። ነገር ግን በእሱ ስም ከሚመዘገበው ጥፋት ብዙው የሌላ ሰው ነው፤ እሱም ካሜራው ውስጥ ተቀምጦ «እኔ አስተካክልልሃለሁ» የሚለው አውቶ የሚባለው ረዳት ነው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የፎቶ ካሜራን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ እንደ ዌብካም መጠቀም ጥሪን የሚያጠራው ካሜራው ውድ ስለሆነ አይደለም፤ ይህን ረዳት አሰናብተን ሁሉንም በእጃችን እንድንቆልፍ ስለሚፈቅድልን ነው። ኔትወርኩ በደከመ ቁጥር ደግሞ ጥቅሙ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይህ የመጨረሻው ነገር ለብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ስለሚመስለው ከእሱ እንጀምር።

ዙም ሁለት ሰዎች ለሚያደርጉት ጥሪ ደህና የሚባል ምስል ለማድረስ የሚጠይቀው በሰከንድ 600 ኪሎ ቢት ግድም ነው፤ ለ720 ጥራት እጥፉን፣ 1.2 ሜጋ ቢት ይፈልጋል። አነስተኛውን እንያዝና ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም ይልካል እንበል። 600 ሺህን ለ25 ስናካፍል ለአንድ ፍሬም 24 ሺህ ቢት ይደርሰዋል፤ ይህም 3 ሺህ ባይት ነው። በኮምፒውተር ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል። እንግዲህ የአንድ ሰው ፊት፣ ከጀርባው ያለው ግድግዳ፣ መጋረጃውና የግድግዳ ሰዓቱ ሁሉ፣ በአንድ ሺህ ፊደል ተጽፎ መላክ አለበት ማለት ነው። አንድ ሺህ ፊደል ከአንድ የመጽሐፍ ገጽ ብዙም አይበልጥም። ያውም በሰከንድ ሃያ አምስት ጊዜ። ይህ እንዴት ይቻላል ቢባል፣ መልሱ አይላክም የሚል ነው። ፕሮግራሙ ሙሉውን ምስል አንድ ጊዜ ይልክና ከዚያ በኋላ የሚልከው የተለወጠውን ብቻ ነው። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ «ግድግዳው እንደነበረ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ያ ዐረፍተ ነገር ርካሽ ነው። በዚህ የተቆጠበው ፊደል ሁሉ ለዓይንና ለከንፈር ይውላል፤ ፊት የሚጠራው በዚህ ቁጠባ ነው።

አውቶ ይህን ቁጠባ እንዴት እንደሚያባክነው ለማየት ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት ጥሪ ላይ ተቀምጣለች እንበል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ካሜራ ብርሃኑን የሚለካው ምስሉን በጠቅላላ አይቶ ነው። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ስትስበው ምስሉ ውስጥ ያለው ነጭ ይበዛል፤ ረዳቱ «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፣ ፊቷም አብሮ ይጠቁራል። ነጠላው ሲወርድ ደግሞ «ጨለመ» ብሎ ሁሉንም ያፈካል። እናትየዋ ያደረገችው ነጠላ ማስተካከል ብቻ ነው፤ ግድግዳው፣ መጋረጃውና ሰዓቱ ግን ሁለት ጊዜ ቀለማቸውን ለውጠዋል። ላኪው ፕሮግራም ይህን የሚያየው መላው ቤት እንደተንቀሳቀሰ አድርጎ ነው፤ ሺዋን ፊደል ለግድግዳ ያውላትና ለፊት የሚተርፈው አራት ማዕዘን ድብልቅልቅ ይሆናል። ማታ ሲሆን የባሰ ይመጣል። ብርሃን ሲያንስ ረዳቱ የካሜራውን አቅም ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ባለሙያዎቹ ኖይዝ የሚሉት የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ምስሉን ይሞላዋል። ነጠብጣቡ በየፍሬሙ ቦታውን ይቀያይራል፤ ስለዚህ ባዶው ግድግዳ እንኳ በሰከንድ ሃያ አምስት ጊዜ አዲስ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ነጠብጣብ ከሰው አይለይም፤ ሁለቱንም በእኩል ትጋት ለመላክ ይታገላል። በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የሚያየው የዚያን ትግል ቁስለኛ ነው። ሰፊ መስመር ያለው ሰው ይህን ብክነት ሊሸከመው ይችላል፤ ቀጭን መስመር ያለው ግን ለነጠብጣብ የሚከፍለው ትርፍ የለውም።

«እንግዲያው መፍትሔው መብራት ነው እንጂ ካሜራ አይደለም» የሚል ሰው ቢነሳ ግማሹን እውነት ይዟል። መስኮት ፊት መቀመጥ ነጻ ነው፤ ከየትኛውም ዕቃ በፊት የሚመጣውም እሱ ነው። መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ የሚቀመጥ ሰው በየትኛውም ካሜራ ማንነቱ እንዲደበቅ የተደረገ ምስክር ይመስላል። ቀሪው ግማሽ ግን የካሜራው ነው። ላፕቶፕ ላይ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ የካኖን 5ዲ ማርክ 3 ግን 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መብራት ሥር፣ ሰፊው ገጽ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ብዙ የሰበሰበ ደግሞ አቅሙን ወደ ላይ መግፋት አያስፈልገውም፣ ነጠብጣቡም ይቀራል። በዚያ ላይ ካሜራው ሁሉን ነገር የምንቆልፍባቸው ቁልፎች አሉት። የአንዳንድ ዌብካሞችን አውቶ በሶፍትዌር ማጥፋት ይቻላል፤ ያ ያለው ሰው ከዚህ በታች ከሚመጣው አብዛኛውን እዚያው ላይ ሊሠራበት ይችላል፣ ካሜራም አይግዛ። እኔ የምናገረው ለሠርግ ወይም ለልጅ ልደት የተገዛ ካሜራ ቁም ሳጥን ውስጥ ላለው ሰው ነው።

ማርክ 3ን ምሳሌ ያደረግሁት ዛሬ ባለቤቶቹ በአዲስ እየተኩ ወደ ጎን ያስቀመጡት፣ ግን ሥራው ያላለቀ ካሜራ ስለሆነ ነው። ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ዩኤስቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020፣ ዓለም ቤቱ ተዘግቶ ዌብካም ከገበያ ሲጠፋ፣ ካኖን በሚያዝያ፣ ፉጂ በግንቦት፣ ሶኒና ኒኮን በነሐሴ ግድም ካሜራቸውን በዩኤስቢ ዌብካም የሚያደርግ ሶፍትዌር አወጡ። ርካሽ መንገድ ነው፤ ገደቡ ሶፍትዌሩ የሚያውቃቸው ሞዴሎችን ብቻ ማስተናገዱና የሚልከውም ብዙ ጊዜ የካሜራውን የጀርባ ስክሪን ምስል መሆኑ ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ያለ ሶፍትዌር በዩኤስቢ ራሳቸውን እንደ ዌብካም ያስተዋውቃሉ፤ እሱ ያለው ሰው የሚቀጥለውን አንቀጽ ይዝለለው። ለቀረነው ያለው ኤችዲኤምአይ ነው፦ ከካሜራው ሚኒ ኤችዲኤምአይ የሚነሳ ኬብል፣ ከዚያ ፍላሽ የምታክል ካፕቸር ካርድ፣ ከዚያ ኮምፒውተር። ለኬብሉ ሲኬድ ሚኒና ማይክሮ መለየት ይገባል፤ ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፣ አንዱ በሌላው አይገባም፣ ሻጩ ደግሞ «ይገባል፣ ትንሽ ጫን በለው» ሊል ይችላል። አይጫን።

ርካሿ ካርድ የራሷ የሆነ ቀልድ አላት። ካርቶኗ ላይ «4K» ተብሎ ይጻፋል፤ የዩኤስቢ ጫፏ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው፣ ዩኤስቢ 3 ነኝ ለማለት። 4ኬውን ትቀበላለች እንጂ አትሰጥም፤ የምታወጣው 1080 ነው፤ ከሰማያዊው ፕላስቲክ ጀርባም ብዙ ጊዜ ያለው ዩኤስቢ 2 ነው። ይህ ውሸት መሆኑን ለማወቅ ካርዷን መፍታት አያስፈልግም፣ ማባዛት ይበቃል። ያልተጨመቀ ምስል በእያንዳንዱ ነጥብ 16 ቢት ይይዛል፤ 1920 በ1080 በ16 በ30 ፍሬም ሲባዛ በሰከንድ 995 ሜጋ ቢት ግድም ይሆናል። ዩኤስቢ 2 ከላይ የሚችለው 480 ነው። ስለዚህ ካርዷ ሳትጨምቅ ማሳለፍ አትችልም። ኦቢኤስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከፍተን ስናያት፣ Video Format በሚለው ሥር YUY2 ከተመረጠ ምስሉ እየተንገጫገጨ ይሄዳል፤ MJPEG ስናደርገው ይለሰልሳል። ምስሉ ሲንገጫገጭ ካሜራው ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ከመሮጥ በፊት ይህን አንድ መስመር ማየት ይቀድማል። ለጥሪውም 1280 በ720 ይበቃል፤ ሺህ ፊደል ባለን ቦታ 1080 ማምጣት የትም የማይደርስ ዕቃ መጫን ነው። ከዚያ ኦቢኤስን መዝጋት ነው፤ ካርዷን ብዙ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሚይዛት፣ እሱ ክፍት ሆኖ ዙም ቢከፈት ጥቁር ምስል ይመጣል። ዙም ውስጥ ካርዷ ብዙ ጊዜ USB Video በሚል ስም ትገኛለች።

ምስሉ መጥቶ ላዩ ላይ የባትሪ ምልክት፣ ቁጥርና የፎከስ አራት ማዕዘን ካለ፣ ካሜራው ለእኛ የሚያሳየውን ሁሉ ጥሪው ላይ ላለውም ሰው እያሳየ ነው። የክብር ንግግር የሚያደርግ ሰው ደረቱ ላይ አይኤስኦ ተጽፎበት መታየት የለበትም። ማርክ 3 ሲወጣ በኤችዲኤምአይ ንጹሕ ምስል አይሰጥም ነበር፤ ያገኘው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 መጨረሻ ካኖን በለቀቀው ፈርምዌር 1.2.1 ነው። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት ሜኑው ውስጥ የፈርምዌር ቁጥሩ ይታይ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ማደስ ግድ ነው። ከዚያ HDMI output + LCD የሚለው መስመር ላይ ያሉትን ሁለት አማራጮች እያቀያየሩ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ምስል ማየት ነው፤ ጽሑፉ የጠፋበት ላይ ይቆማል። በሶኒ ካሜራዎች HDMI Info. Display የሚለውን Off ማድረግ ይበቃል። ይህን የማይፈቅዱ ካሜራዎችም አሉ፤ ካሜራ ለዚህ ሥራ ሊዋስ የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ይኸው ነው፣ የሌንሱ ዋጋ አይደለም።

አሁን ወደ መቆለፉ እንግባ። የካሜራው ራስ ላይ ያለው መዞሪያ «ኤም» ላይ ይሁን፣ ቀጥሎ የቪዲዮ ማብሪያውን ወደ ቪዲዮ ማዞር ነው፤ መቅዳት አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚቆለፈው ሹተር ነው፤ ቁጥሩን የሚወስነውም የእኛ ምርጫ ሳይሆን የመብራት ኃይል ነው። አገር ቤት መብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ አምፖል በዚያ ላይ በሰከንድ መቶ ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ዓይን ባያየውም። ሹተሩ 1/50 ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም በትክክል ሁለት ብልጭታ ይይዛል፤ ሁሉም እኩል ይበራሉ። 1/60 ከሆነ አንድ ሙሉና ከግማሽ በላይ ይይዝና ልዩነቱ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ ጥቁር መስመር ይሆናል። ያ መስመር ዓይንን ከማሰልቸቱ ሌላ እንቅስቃሴ ነው፤ ሺህ ፊደላችንን ይበላል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ዘመድ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ ለእሱ ልኩ 1/60 ነው፤ ከአዲስ አበባ በስልክ «1/50 አድርገው» ተብሎ ቢመከር መስመሩ ወደ እሱ ቤት ይዛወራል። Video system በሚለው ሜኑም እዚህ PAL፣ እዚያ NTSC ይመረጣል፤ 25 ፍሬም የሚመጣው ከመጀመሪያው ነው።

ቀጥሎ ያለው የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ሰው ቀዳዳውን ኤፍ 1.8 ላይ ከፍቶ ጀርባውን ማደብዘዝ ያምረዋል። መደብዘዙ ጥሩ ነው፤ የደበዘዘ መጋረጃ ዝርዝር ስለሌለው ለመላክ ርካሽ ነው። ነገር ግን አንድ ሜትር ላይ በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት አራት ሴንቲ ሜትር ግድም ብቻ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ከዚያ በጣም ይረዝማል። ሰውየው በሐሳብ ሲስማማ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፣ ሲጠራጠር ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ በሁለቱም ጊዜ ከጥራት ይወጣል፣ አስተያየቱ በሙሉ ደብዛዛ ይሆናል። በኤፍ 4 ጥልቀቱ ወደ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር፣ በኤፍ 5.6 ወደ አሥራ ሦስት ይሆናል። ለአንድ ሰው ከሁለቱ አንዱ ልኩ ነው፤ ጀርባውም ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ሦስት ሽማግሌዎች ሶፋ ላይ ተደርድረው ሜሪላንድ ካሉት የልጅቷ ወላጆች ጋር የሚነጋገሩ ከሆነ፣ ካሜራው ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ ሲቆም በኤፍ 4 ጥልቀቱ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ አንደኛው ሽማግሌ ስለ ጥሎሽ ለመናገር ወደ ፊት ቢመጡ እንኳ አይደበዝዙም።

ፎከሱ በእጅ ይሁን። ማርክ 3 በቪዲዮ ፊት የሚከታተል ደህና አውቶፎከስ የለውም፤ ይህን ጉድለት የሚሉት ሰዎች ለዚህ ሥራ በረከት መሆኑን አላዩትም። አውቶፎከስ የሚያመነታ ረዳት ነው፤ እጅ ሲወዛወዝ ወደ እጁ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በዚህ መሃል ሙሉው ምስል ይደበዝዝና ይጠራል፣ ሙሉው ምስል እንደገና ይላካል። በእጅ ማድረጉ ቀላል ነው። የሚቀመጥበት ወንበር መደገፊያ ላይ፣ ፊት በሚሆንበት ቁመትና ርቀት፣ ጋዜጣ ይንጠልጠል። የካሜራውን ማጉያ ተጭኖ እስከ አሥር እጥፍ ማሳደግና ትንሹ የማስታወቂያ ጽሑፍ እስኪነበብ ቀለበቱን ማዞር ነው። ከዚያ ሌንሱ ላይ ያለው ማብሪያ «ኤምኤፍ» ላይ ይሁን፤ ወንበሩም የቆመበት ወለል ላይ ፕላስተር ይለጠፍ፣ ቤት የምታጸዳው ልጅ ሳታውቅ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገፍታው ስብሰባው ላይ ሰውየው እንዳይደበዝዝ።

ሹተሩና ቀዳዳው ከተቆለፉ ብርሃኑን የምናስተካክልበት የሚቀረን አይኤስኦ ነው። ቀን ከመስኮት አጠገብ 1/50፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 800 ለአብዛኛው ሳሎን የሚቀርብ መነሻ ነው፤ ማርክ 3 በ800 ነጠብጣብ የሚባል ነገር እምብዛም አያሳይም። ማታ 3200 ለመድረስ የሚያስገድድ ጨለማ ከመጣ አይኤስኦውን ከመጨመር ይልቅ የቁም መብራት ማቅረብ ይሻላል። የሚለካው በፊት ነው፤ ግድግዳው ወይም ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ይንጣ፣ ጠይም ፊት በልኩ ይታይ። ዋይት ባላንሱም በቁጥር ይቀመጥ፣ ለመስኮት ብርሃን 5200 ኬልቪን ግድም። ይህ አውቶ ላይ ከቀረ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ከጀርባ ባለፈ ቁጥር የሰውየው ፊት ወደ አረንጓዴ ይሸሻል። መስኮትና ቢጫ አምፖል አብረው ካሉ አምፖሉ ይጥፋ፤ ሁለት ቀለም ያለው ፊት በምንም ቁጥር አይታረቅም። ካሜራው ላይ አባርረነው ዙም ውስጥ የሚጠብቀን አንድ ዘመዱም አለ፤ የቪዲዮ ሴቲንጉ ውስጥ Adjust for low light ይባላል። እሱም ይጥፋ፤ በበር ያስወጣነው በመስኮት እንዳይገባ።

እዚህ ላይ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ ለአንዲት ትንሽ ሳጥን ነው፤ ሃያ ሰው ባለበት ስብሰባ ማን ያየኛል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የዕድር ስብሰባ ላይ ለመሰላቸት ማርክ 3 አያስፈልግም። ነገር ግን ሰው ሲናገር ሳጥኑ ይሰፋል፣ ጥሪውም ብዙ ጊዜ የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ወይም ሽምግልና ነው፤ በእነዚህ ላይ የሚታየው ፊት አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፦ «ስልኬ ያለ ምንም ኬብል ከዚህ የተሻለ ያደርጋል»። አዲስ ስልክ በጀርባ ካሜራው፣ በጥሩ ብርሃን፣ ከአሮጌ ካሜራ ጋር ሊፎካከር ይችላል፤ ካሜራ የሌለው ሰው ለዚህ ብሎ ካሜራ ይግዛ ብዬ የምከራከርበት ምክንያት የለኝም። ሆኖም ስልኩም ቢሆን ብርሃኑና ፎከሱ ካልተቆለፉ ያው ረዳት አለበት፤ ይቆለፉ ሲባል ደግሞ ብዙ ስልክ ተጨማሪ አፕ ይጠይቃል። በዚህ ላይ በስብሰባው መሃል ስልኩ ይደወላል። ካሜራ ላይ አክስቴ ደውላ አታውቅም የሚል ሰው ሁሉ ይህን ይረዳዋል። «ጀርባውን ዙም ራሱ ያደበዝዝልኛል» የሚሉም አሉ፤ ያደበዝዛል፣ ግን በግምት ነው፣ አፍሮ ፀጉርና የነጠላ ጥለት ላይ ሲደርስ ግምቱ ይሳሳታል፤ ጥለቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል።

ድምፅን በአጭሩ። ምስሉ በካሜራውና በካርዷ ውስጥ ሲያልፍ ጥቂት ይዘገያል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካ ማይክ ግን አይዘገይም። ስለዚህ ቃሉ ከከንፈሩ ይቀድማል። ዙም ላይ ብቻውን ስብሰባ ከፍቶ፣ ቅጂ አብርቶ፣ እጅን ፊት ለፊት አንድ ጊዜ ማጨብጨብና ቅጂውን ማየት ነው፤ ድምፁ መዳፎቹ ሳይገናኙ ከተሰማ መዘግየቱ የሚታይ ያህል ነው። ካሜራው ድምፅን በኤችዲኤምአይ የሚያወጣ ከሆነ የአንገት ማይኩን ካሜራው ላይ ሰክቶ ዙም ላይ የካርዷን ድምፅ መምረጥ ሁለቱን አብሮ ያስኬዳል። የካሜራው የራሱ ማይክ ግን አንድ ሜትር ርቆ የሚሰማው ክፍሉን ነው፤ ጎረቤት ቤት ያለውን ዶሮ ጨምሮ።

የቀረው ካሜራውን ነቅቶ ማቆየት ነው። Auto power off የሚለው Disable ይደረግ። ይህም ተደርጎ ማርክ 3 ለረጅም ጊዜ ካልነኩት በግማሽ ሰዓት ግድም ምስሉን ራሱ ያቋርጣል፤ ኃይሉ ግን እንደበራ ይቆያል፣ ስለዚህ ባትሪ አለቀ ተብሎ አይደንገጥ። መፍትሔው ከግማሽ ሰዓቱ በፊት ሌላው ሰው ረጅም ሐሳብ ሲጀምር ጠብቆ አንድ ቁልፍ መንካት ነው፤ በእኛ ስብሰባ ይህን ዕድል የሚያጣ የለም። ባትሪው ራሱ ምስሉ እንደበራ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። ለረጅም ጥሪ የባትሪ ቅርጽ ያለው፣ በሽቦ ከሶኬት ኃይል የሚያመጣ ማስገቢያ ይሸጣል፤ ሲገዛ ለካሜራው ባትሪ ዓይነት፣ ለማርክ 3 ኤልፒ-ኢ6፣ የተሠራ መሆኑ ይታይ። ግን መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ሲቀጥል ካሜራው ወዲያው ይሞታል። መብራት በሚያስቸግርበት ሰፈር እውነተኛውን ባትሪ፣ ከሁለተኛ የተሞላ ባትሪ ጋር መጠቀም ይበልጣል፤ መቀየሩ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ ቁልፎቹም ሁሉ እንደተቆለፉ ይቆያሉ። ዋይፋዩ ከመብራቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ግን ያን ጊዜ ጥሪው ወደ ስልክ ዳታ ይዛወራል፤ መስመሩ የሚቀጥነውም ያኔ ነው፣ ነጠብጣብ የሌለው ግድግዳም የሚያዋጣው ያኔ ነው። የቁም መብራቱም አብሮ ስለጠፋ በቀን የሚደረግ ጥሪ ላይ መስኮቱን እንጂ መብራቱን መሠረት ያላደረገ ሰው ሹተሩንም አይኤስኦውንም ሳይነካ ንግግሩን ይቀጥላል፤ የማታውን ጥሪ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ፓውዛ ይዞ መጠበቅ ነው።